አሳሳች ምርጫ ከየት ይመጣል? ለፋርማኮሎጂ ክለሳ ጥያቄ ለሚያዘጋጅ መምህር

ጥያቄ፦ «ደሴ ውስጥ በአንድ የጤና ኮሌጅ ፋርማኮሎጂ አስተምራለሁ። ለፋርማሲ ልጆች የክለሳ ወርክሺት እያዘጋጀሁ ነው። መቶ የቾይስ ጥያቄ ነው፤ እያንዳንዱ አምስት ምርጫ አለው። ትክክለኛውን መልስ መጻፍ አያስቸግረኝም። የሚያስቸግሩኝ የቀሩት አራቱ ናቸው። ሁለቱን አገኛለሁ፤ ከዚያ በኋላ የማይመስል ነገር እሞላለሁ ወይም ‹ሁሉም መልስ ናቸው› እላለሁ። ጎበዞቹን ሳይቀር የሚያሳስት ምርጫ እንዴት ይጻፋል? የቲቢ መድኃኒቶቹን ክፍል ለናሙና ልኬያለሁ።»

ምላሽ፦ ጎበዞቹን ማሳሳት ሥራህ አይደለም። አሳሳች ምርጫ የሚጻፈው ላላወቀው ልጅ ነው። ትምህርቱን ግማሹን ይዞ ግማሹን የረሳ ልጅ «ይሄማ ነው» ብሎ እንዲያከብበው ታስቦ ይጻፋል። በደንብ የገባው ልጅ ግን አንብቦት ማለፍ አለበት። ጎበዙም ሰነፉም እኩል ከወደቁበት ምርጫህ ብልህ ሆኖ አይደለም። ጥያቄህ ተበላሽቷል ማለት ነው።

አምስት ምርጫ የሚለውንም ተወው። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ የ80 ዓመት ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ሦስት ምርጫ ይበቃል የሚል መደምደሚያ ላይ ደርሷል። ምክንያቱ አንተ ራስህ የነገርከኝ ነው፤ አራተኛውና አምስተኛው ምርጫ አብዛኛውን ጊዜ መሙያ ነው። «ሦስት ካደረግኩት በግምት የመምታት ዕድሉ ከ20 በመቶ ወደ 33 ይወጣል» ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ፣ በወረቀት ላይ ይወጣል። ግን ማንም ልጅ የማይነካቸው አራተኛና አምስተኛ ምርጫዎች ካሉህ ልጁ ድሮም ከሦስት ነው የሚገምተው። አራት ጥሩ ካገኘህ አራት ጻፍ። ሦስት ብቻ ካገኘህ ሦስት ላይ አቁም። በአንድ ወርክሺት ውስጥ ሁለቱ ቢቀላቀሉ ችግር የለውም።

«ሁሉም መልስ ናቸው» የሚለውን ከዛሬ ጀምሮ አትጻፈው። ልጁ ሁለቱ ትክክል መሆናቸውን ካወቀ ሦስተኛውን ሳያውቅ ነጥቡን ይወስዳል። አንዱ ስህተት መሆኑን ካወቀ ደግሞ «ሁሉም» የሚለው ወዲያው ይወድቃል፤ በነፃ አንድ ምርጫ ቀነስክለት።

አሁን ወደ ላክልኝ ናሙና ልምጣ። የመጀመሪያዋ ጥያቄ እንዲህ ትላለች፦

«ስለ አይሶኒያዚድ ትክክል የሆነው የቱ ነው?
ሀ) ነርቭን ሊጎዳ ይችላል
ለ) ለስኳር ሕመም ይታዘዛል
ሐ) በመርፌ ብቻ ይሰጣል
መ) ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል
ሠ) መልሱ አልተሰጠም»

ምርጫዎቹን በእጅህ ሸፍናቸውና ጥያቄውን ብቻ አንብብ። መመለስ ትችላለህ? አትችልም። ምን እንደተጠየቅክ እንኳ አታውቅም። አሳሳች ምርጫ ያጣኸው ለዚህ ነው። ጥያቄህ አንድ ጥያቄ አይደለም። አራት «እውነት ወይስ ሐሰት» በአንድ ጣሪያ ሥር ተከራይተው ነው። አንዱ ስለ ጉዳት፣ አንዱ ስለ ጥቅም፣ አንዱ ስለ አሰጣጥ ያወራል። እርስ በርስ ስለማይወዳደሩ «ከሁሉ የተሻለው» የሚባል ነገር የላቸውም። የስኳሩን ደግሞ የትኛው የፋርማሲ ተማሪ ነው የሚያከብበው? መ ብቻ ናት የምታሳዝነኝ። እሷ እውነተኛ ስህተት ይዛለች፤ ሪፋምፒሲንን ከአይሶኒያዚድ ጋር የሚያምታታ ልጅ ይይዝባታል። ግን ያለ ቦታዋ ገብታለች።

ስለዚህ ከምርጫ አትጀምር። ልጁ በሥራ ላይ ሊሳሳት ከሚችልበት ነገር ጀምር። እዚህ ጋ ስህተቱ ምንድን ነው? አንድ የቲቢ ታካሚ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ መጥቶ «እግሬን ይቆጠቁጠኛል» ሲል ፋርማሲስቱ ከአራቱ መድኃኒቶች የትኛው እንዳደረገው አለማወቁ ነው። ይህን ወደ ጥያቄ እንለውጠው። ፈተናችሁ በእንግሊዝኛ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እዚህ ለንባብ እንዲመች በአማርኛ አደርገዋለሁ።

«በኮምቦልቻ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠራ የ34 ዓመት ሰው የሳንባ ቲቢ ሕክምና ከጀመረ ስድስተኛ ሳምንቱ ነው። ሪፋምፒሲን፣ አይሶኒያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል በየቀኑ ይወስዳል። ክብደቱ 44 ኪሎ ነው። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ሁለቱም እግሮቹ ከመርገጫቸው ይቃጠሉታል፣ ይደነዝዙታል። ይህን ሊያመጣ የሚችለው ከሁሉ ይበልጥ የትኛው መድኃኒት ነው?
ሀ) ኢታምቡቶል
ለ) አይሶኒያዚድ
ሐ) ፒራዚናማይድ
መ) ሪፋምፒሲን»

አሁን ምርጫዎቹን ሸፍን። ያወቀ ልጅ ሳያያቸው «አይሶኒያዚድ» ይላል። መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ከቫይታሚን ቢ6 ማለትም ከፒሪዶክሲን ጋር ይጣበቅና ቫይታሚኑ በሽንት ይወጣል። ነርቮቹ ቢ6 ያጥራቸዋል፤ ረጃጅሞቹ፣ የእግሮቹ፣ ቀድመው ይጮሃሉ። የሰውዬው ክብደት የተጠቀሰውም ለዚህ ነው። ምግብ የጎደለው ሰው ድሮም ቢ6 አነስተኛ ነው ያለው።

አሳሳቾቹን አንድ በአንድ እንያቸው። ኢታምቡቶል ነርቭ ይጎዳል፤ ግን የዓይን ነርቭ ነው። «ነርቭ የሚጎዳው ኢታምቡቶል ነው» ብሎ የሸመደደ ልጅ እዚህ ይያዛል። ፒራዚናማይድ ዩሪክ አሲድ ከፍ ያደርጋል፣ መገጣጠሚያ ያሳምማል። «እግር» የሚለውን ቃል ብቻ አይቶ «መደንዘዝ» የሚለውን የዘለለ ልጅ ሪህ መስሎት ይህን ይመርጣል። እነዚህ ሁለቱ የልጆችህ እውነተኛ ስህተቶች ናቸው፤ እኔ ወይም አንተ የፈጠርናቸው አይደሉም። ሪፋምፒሲን ላይ ትንሽ ቆይቼ እመለሳለሁ።

«ከሁሉ ይበልጥ» የሚለውን ሐረግ አትጣለው። ኢታምቡቶልም አልፎ አልፎ የእጅና የእግር ነርቭ ሊነካ ይችላል። «የትኛው ነው የሚያመጣው?» ብለህ ብትጠይቅ መጽሐፍ ይዞ የሚመጣ ልጅ አይጠፋም፤ ክርክሩንም ያሸንፍሃል። ጥያቄው ስለ ብልጫ ከሆነ ግን ኢታምቡቶል ሙሉ በሙሉ ሐሰት መሆን አይጠበቅበትም። ከአይሶኒያዚድ በግልጽ ማነስ ብቻ ነው ያለበት። የዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ጉልበቱ እዚህ ላይ ነው። የተሻለው እንጂ እውነቱ ብቻ አይደለም የሚፈለገው። ገደቡም እዚሁ ነው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት ሁለት መምህራን የሚከራከሩበት ከሆነ ጥያቄው ለወርክሺት አይሆንም።

ይህን የተማርኩት በገዛ ጥፋቴ ነው። ከዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠቅሰው ኮሌጅ፣ ይህንኑ ታካሚ ይዤ ቀጣይ ጥያቄ ጻፍኩ፦ «ሊጨመርለት የሚገባው ቫይታሚን የትኛው ነው?» ምርጫዎቹ ፒሪዶክሲን፣ ታያሚን፣ ፎሊክ አሲድና ቢ12 ነበሩ። በምርጫዎቹ ኮርቼባቸው ነበር። ሁሉም ቫይታሚን ናቸው፣ እያንዳንዳቸውም ከሌላ ታሪክ የመጡ ናቸው። ፎሊክ አሲድ ከሜቶትሬክሴት ጋር ይነሳል፤ ቢ12 ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ይነሳል። ከዚያ ጥያቄው ሕይወት እንዲኖረው ብዬ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፦ «ማታ ማታ አረቄ ይጠጣል»። በልቤ ለአይሶኒያዚድ ጉዳት ይበልጥ እንደሚያጋልጠው ፍንጭ እየሰጠሁ ነበር። እውነትም ያጋልጣል። ግን አረቄ የሚያዘወትርና ምግብ የማያገኝ ሰው ታያሚንም ይጎድለዋል፤ እሱም ራሱ እግር ያደነዝዛል። በክፍሉ ውስጥ ከነበሩት ከሁሉ ጎበዝ የነበረች ልጅ ታያሚን አከበበች። እኔ ቀነስኩባት። ወረቀቷን ይዛ ቢሮዬ መጣችና «ጋሼ፣ አረቄውን ለምን አመጡት ታዲያ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ነጥቡን ለሁሉም መለስኩ፤ አረቄውንም ከጥያቄው አስወጣሁት።

ስለዚህ ጥንቃቄው ይህ ነው። ወደ ታካሚው ታሪክ የምታስገባው እያንዳንዱ ዝርዝር ከአሳሳቾቹ አንዱን ወደ መልስነት እንዳያሳድገው ተመልከት። ስኳር ሕመም ብትጨምርለት ለመደንዘዙ ሌላ ምክንያት ሰጠኸው። «በጣም ደክሞታል፣ ዓይኑም ብዥ ይልበታል» ብትል ኢታምቡቶልን ጠርተህ ወንበር ሰጠኸው። ጌጥ አትጨምር።

የመጠን ጥያቄም እንደዚሁ አደገኛ ነው። «ለመከላከያ የሚሰጠው የፒሪዶክሲን መጠን ስንት ነው?» ብትል 10 ሚሊግራም የሚል መመሪያ አለ፣ 25 የሚል አለ፣ 50 የሚልም አለ። ሦስት አሳሳች ምርጫ ያገኘህ ይመስልሃል፤ ያገኘኸው ግን ሦስት መልስ ነው። የመጠን ጥያቄ የግድ ካስፈለገህ ግንዱ ላይ፣ ማለትም ከምርጫዎቹ በፊት ባለው የጥያቄው ጽሑፍ ውስጥ፣ የየትኛው መመሪያ እንደሆነ በስም ጻፍ።

ምርጫዎቹን ከጻፍክ በኋላ ሳያውቁ የሚጠቁሙትን ነገር ፈልግ። በአንተ ናሙና ውስጥ ትክክለኛው መልስ በሰባት ጥያቄ ላይ ከሁሉም ረጅሙ ነው። እንዳይሳሳት ብለህ «ሊሆን ይችላል፣ በተለይም…» እያልክ ስለምታብራራው ይረዝማል። ልጆች ደግሞ ይህን ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ያውቁታል፤ «ካላወቅክ ረጅሙን በል» ይባባላሉ። ሌላው የእንግሊዝኛው ነገር ነው። ግንዱ «አን» ብሎ ካለቀ በአናባቢ የሚጀምሩት አይሶኒያዚድና ኢታምቡቶል ብቻ ናቸው የሚገጥሙት። ከአራት ምርጫ ሁለቱን ሰዋስው በላቸው። የምርጫዎቹን ቅደም ተከተል በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ አድርገው። እኔም ከላይ ያደረግኩት ያንን ነው። መልሱን ሐ ላይ መደበቅ የምትወድ ከሆነ ያድንሃል፤ ብዙዎቻችን እንወዳለን።

አሁን ዋናው ጥያቄህ፤ አሳሳቹ ከየት ይመጣል? ቁጭ ብለህ ከራስህ አታውጣው። አንተ መልሱን ታውቃለህ፣ ስለዚህ እንደማያውቅ ሰው ማሰብ ያቅትሃል። ልጆቹ ራሳቸው ይስጡህ። አደራረጉ ቀላል ነው። ከክፍለ ጊዜው መጨረሻ አሥር ደቂቃ አስቀር። የታካሚውን ታሪክ ሰሌዳ ላይ ጻፍ፤ ምርጫ ግን አትስጥ። «የትኛው መድኃኒት ነው? ለምን?» በል። ስም ሳይጽፉ፣ በቁራጭ ወረቀት፣ በሁለት መስመር ይመልሱ። ሰብስብና ቤትህ ገብተህ ክምር ክምር አድርጋቸው። «ኢታምቡቶል፣ ነርቭ ስለሚጎዳ» አንድ ክምር። «ፒራዚናማይድ፣ ዩሪክ አሲድ» ሌላ ክምር። «ከበሽታው ነው፣ ከመድኃኒቱ አይደለም» የሚልም ሊወጣ ይችላል፤ እኔ ብሆን እሱን አላስበውም ነበር። ትልልቆቹ ሁለት ወይም ሦስት ክምሮች አሳሳቾችህ ናቸው፤ በራሳቸው በልጆቹ አነጋገር ተጽፈው መጥተውልሃል። «ለምን?» የሚለውን አትዝለለው። ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ስህተት በተለያየ ምክንያት ሊሳሳቱ ይችላሉ፣ ማብራሪያ ስትጽፍ የሚያስፈልግህ ምክንያቱ ነው።

እርግጥ ይህ ለመቶ ጥያቄ አይሆንም። በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ታሪክ ብታስገባ ነው። ለዚህም ነው መቶውን ወደ አርባ አውርደው የምልህ። ልጆቹ በእውነት የሚሳሳቱባቸው አርባ ጥያቄዎች፣ በመሙያ ምርጫ ከታጨቁ መቶ ጥያቄዎች ይሻሏቸዋል። ያለፉት ዓመታት የአጭር መልስ ፈተና ወረቀቶችም ካሉህ አትጣላቸው። ቀይ እስክሪብቶ ያረፈባቸው መልሶች ሁሉ ጥሬ ዕቃ ናቸው።

ልጆቹ ከሠሩት በኋላ ቁጠር። እንበል አርባ ልጆች ከላይ ያለውን የእግር ጥያቄ ሠሩት። ሃያ አራቱ አይሶኒያዚድ አሉ፣ አሥራ አንዱ ኢታምቡቶል፣ አምስቱ ፒራዚናማይድ። ሪፋምፒሲንን ማንም አልነካውም። የተለመደው መለኪያ ከተፈታኞቹ ከ5 በመቶ በታች የመረጡት አሳሳች ሥራ አልሠራም ይላል፤ ለአርባ ልጅ ይህ ሁለት ሰው ነው። ሪፋምፒሲን ዜሮ ነው። ለምን? ምክንያቱም ስለ እሱ ሁሉም የሚያውቁት አንድ ነገር አለ፣ ሽንትና እንባ ብርቱካናማ ማድረጉ። ስለዚህ እግር ላይ ማንም አይጠራውም። ከአራቱ አንዱ ስለሆነ ብቻ ለወግ አታስቀምጠው። አውጣውና ሦስት ምርጫ አድርገው፤ ወይም «ቲቢው ራሱ» የሚለው ክምር ትልቅ ከነበረ በሱ ተካው። በዚህ ጊዜ ግን ግንዱን «የትኛው መድኃኒት» ከሚል «ምክንያቱ ምንድን ነው» ወደሚል መቀየር አለብህ፤ አለበለዚያ መድኃኒት ያልሆነው ምርጫ ለብቻው ይጋለጣል።

ከጠቅላላው ቁጥር ይልቅ ግን ማን ምን እንደመረጠ እይ። ልጆቹን በጠቅላላ ውጤታቸው ደርድር። ከላይ አሥራ አንድ፣ ከታች አሥራ አንድ ውሰድ፤ በባለሙያዎቹ ልማድ ከየጫፉ 27 በመቶ ነው፣ ለአርባ ልጅ ወደ አሥራ አንድ ይመጣል። ኢታምቡቶልን ከመረጡት ውስጥ ሰባቱ ከታችኛው ቡድን፣ አንዱ ከላይኛው ከሆኑ አሳሳቹ ሥራውን ሠርቷል። ከላይኛው አምስት፣ ከታችኛው ሁለት ከሆኑ ግን ልጆቹን አትውቀስ። ወይ የመልስ ቁልፍህ ተሳስቷል፣ ወይ ግንዱ ውስጥ አንድ አረቄ ተደብቋል። በአርባ ልጅ ላይ የአንድ ሁለት ሰው ልዩነት ግን ምንም አይናገርም። በአንድ ክፍል ውጤት ብቻ ጥያቄ አትግደል፤ የሚቀጥለው ዓመት ልጆች እስኪሠሩት ጠብቅ።

የክለሳ ወርክሺት ከፈተና የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ፈተና ላይ የተሳሳተው ልጅ ዜሮ ይዞ ይሄዳል። ወርክሺት ላይ ግን መልሱን ገልጦ ያያል። ስለዚህ ከኋላ ባለው ገጽ «መልስ፦ ለ» ብለህ አትለፈው። ከእያንዳንዱ አሳሳች ጎን አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፍ። ለምሳሌ፦ «ኢታምቡቶልን መርጠህ ከሆነ ‹ነርቭ› የሚለውን አስታውሰሃል፤ የትኛውን ነርቭ የሚለውን ረስተሃል። የኢታምቡቶል ምልክት እይታ መደብዘዝና ቀይና አረንጓዴን መለየት አለመቻል ነው።» ይህን መጻፍ ካቃተህ፣ ማለትም ልጁ ያን ምርጫ ለምን ሊመርጥ እንደሚችል መናገር ካልቻልክ፣ አሳሳቹ ከመጀመሪያውም የለም። ምርጫውን ሰርዘው። እኔ አሁን አሁን ማብራሪያውን ከምርጫው በፊት ነው የምጽፈው።

አንድ የቀረ ነገር። ትክክለኛውን መልስ መጻፍ አያስቸግረኝም ብለሃል። የናሙናህን አሥራ ሁለተኛ ጥያቄ ግን ከማባዛትህ በፊት ተመልከታት። «ጉበትን የሚጎዳው የቲቢ መድኃኒት የትኛው ነው?» ትላለች፤ ምርጫዎቹ አይሶኒያዚድ፣ ሪፋምፒሲን፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል ናቸው፤ ቁልፍህ አይሶኒያዚድ ነው። ከአራቱ ሦስቱ ጉበት ይጎዳሉ። «ከሁሉ ያነሰ ጉበት የሚጎዳው» ብለህ ገልብጣትና መልሷ ኢታምቡቶል ይሁን።